ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ፦ የአንዲት የደሴ ሱቅ የጥቅምት ወር በዴቢትና በክሬዲት

የእህቴ ልጅ ጥቅምት ሲገባ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ብርድ ልብስ የምትሸጥበት አነስተኛ ሱቅ ከፈተች። ወሩን በደንብ መርጣለች፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው የደሴ ብርድ አጥንት ብቻ ሳይሆን ብርድ ልብስም ያስፈልገዋል። ሂሳቧን በሁለትዮሽ ምዝገባ እንድትይዝ ላስተምራት ተቀመጥኩ፤ ገና በመጀመሪያው ምሽት ተጣላን።

«አጎቴ፣ የተሳሳቱ ይመስለኛል» አለችና ስልኳን አውጥታ ከባንክ የደረሳትን መልእክት አሳየችኝ። ገንዘብ ሲገባላት መልእክቱ «ሂሳብዎ ክሬዲት ተደርጓል» ይላል፤ ስታወጣ ደግሞ «ዴቢት ተደርጓል» ይላል። እኔ ግን ባንክ የገባውን ገንዘብ በደብተሯ ላይ ዴቢት ብላ እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ። አንዳችን ተሳስተናል ማለት ነው።

ማናችንም አልተሳሳትንም። ባንኩ የሚጽፈው በራሱ ደብተር ነው። የእሷ ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ነው፤ በጠየቀችው ቀን ሊመልስላት ይገባል። ስለዚህ ገንዘቧ ሲጨምር የባንኩ ዕዳ ይጨምራል፤ ዕዳ ደግሞ በክሬዲት ይጨምራል። በእሷ ደብተር ያው ገንዘብ ሀብቷ ነው፤ ሀብት በዴቢት ይጨምራል። አንዱ ግብይት በሁለት ሰዎች ደብተር ላይ እንደ መስታወት ተገልብጦ ይታያል። ዴቢትና ክሬዲት ግራ የሚያጋባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የተደናገሩት ከዚህ መልእክት ይመስለኛል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ከአእምሮአችሁ አውጡ፦ ዴቢት «ተቀነሰ»፣ ክሬዲት «ተጨመረ» ማለት አይደለም። ዴቢት የግራ ዓምድ ነው፤ ክሬዲት የቀኝ ዓምድ ነው። ሌላ ድብቅ ትርጉም የላቸውም።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁ

አንድ ግብይት ሲገጥማችሁ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ወዴት ሄደ? ከየት መጣ? ዋጋው የደረሰበት ቦታ ዴቢት ነው፤ የመጣበት ምንጭ ክሬዲት ነው። ምንጭ የሌለው ገንዘብ ስለሌለ፣ መድረሻ የሌለው ገንዘብም ስለሌለ፣ ሁለቱ ወገኖች ሁልጊዜ እኩል ይሆናሉ። የሁለትዮሽ ምዝገባ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

ሱቁ ከባለቤቷ የተለየ ሰው እንደሆነ አድርጋችሁ አስቡ። ይህ ካልገባ ቀጣዩ አይገባም። የእህቴ ልጅ ጥቅምት 1 ቀን ካጠራቀመችው ገንዘብ 190,000 ብር በሱቁ ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ አስገባች፤ 10,000 ብር ደግሞ በሱቁ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠች። ገንዘቡ ወዴት ሄደ? ወደ ባንክና ወደ መሳቢያው። ከየት መጣ? ከባለቤቷ። ሱቁ ለባለቤቷ ያለበትን የምንጽፍበት ሂሳብ ካፒታል ይባላል።

ዴቢት፦ ባንክ 190,000
ዴቢት፦ ጥሬ ገንዘብ 10,000
ክሬዲት፦ ካፒታል 200,000

በአንድ ወገን ሁለት መስመር፣ በሌላው አንድ መስመር ሊኖር እንደሚችል ልብ በሉ። ሦስትም አራትም ሊሆን ይችላል። መስፈርቱ የመስመር ብዛት ሳይሆን የድምሩ እኩልነት ነው።

ደረጃ 2፦ የሂሳቦችን ዝርዝር አስቀድማችሁ ጻፉ

ከመጀመራችሁ በፊት ገንዘብ ሊያርፍባቸው የሚችሉትን ቦታዎች ሁሉ ስም ስጧቸው። የሱቁ ዝርዝር ይህን ይመስላል። ሀብት፦ ባንክ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ዕቃ፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ። ዕዳ፦ ተከፋይ ሂሳብ። የባለቤት ድርሻ፦ ካፒታል እና ባለቤት የወሰደችው። ገቢ፦ ሽያጭ። ወጪ፦ የተሸጠ ዕቃ ወጪ እና የኪራይ ወጪ። ለአንዲት ትንሽ ሱቅ ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግም። ሃምሳ ሂሳብ የሚከፍት ጀማሪ ሁሉንም ይረሳቸዋል።

ሁለቱ ጥያቄዎች ግራ ሲያጋቧችሁ የምትደገፉባት አንዲት ሕግ አለች። ሀብትና ወጪ በዴቢት ይጨምራሉ፣ በክሬዲት ይቀንሳሉ። ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ በክሬዲት ይጨምራሉ፣ በዴቢት ይቀንሳሉ። ባለቤት የወሰደችው ካፒታልን የሚቀንስ ስለሆነ በዴቢት ይጻፋል። ይህችን በትንሽ ካርቶን ጽፋችሁ መሳቢያው ላይ ለጥፏት፤ የእህቴ ልጅ ያደረገችው እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርቶኑን ማየት ትታለች።

ደረጃ 3፦ በየዕለቱ ጆርናል ላይ መዝግቡ

ጆርናል ግብይቶች በተፈጸሙበት ቀን ቅደም ተከተል የሚጻፉበት ደብተር ነው። ቀኑን፣ ዴቢቱን፣ ክሬዲቱን፣ ከሥርም በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያቱንና የደረሰኙን ቁጥር ጻፉ። ምክንያቱን አትዝለሉት። ከሦስት ወር በኋላ «ይህ 2,000 ብር ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው እናንተው ናችሁ።

ጥቅምት 2 ቀን የሦስት ወር ኪራይ 24,000 ብር ከባንክ ተከፈለ። አብዛኛው ሰው ወዲያውኑ «የኪራይ ወጪ» ብሎ ይጽፈዋል። ነገር ግን ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ሱቁ የሦስት ወር የመጠቀም መብት አለው፤ ይህ መብት ሀብት ነው። ወጪ የሚሆነው በወሩ ልክ እየተበላ ሲሄድ ነው።

ዴቢት፦ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 24,000
ክሬዲት፦ ባንክ 24,000

ጥቅምት 4 ቀን ኮምቦልቻ ካለ ጅምላ ነጋዴ 100 ብርድ ልብስ እያንዳንዱን በ1,200 ብር ገዛች። ከጠቅላላው 120,000 ብር ውስጥ 70,000 ብሩን በባንክ ከፈለች፤ ቀሪው 50,000 ብር በዱቤ ሆነ። ዕቃው ወደ ሱቁ መጣ፤ ምንጩ ደግሞ ሁለት ነው፤ ባንኳና የነጋዴው አመኔታ።

ዴቢት፦ ዕቃ 120,000
ክሬዲት፦ ባንክ 70,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ሂሳብ 50,000

ብርድ ልብሶቹን የሐረጎን ጠመዝማዛ አሳልፎ ደሴ ላደረሰላት መኪና 2,000 ብር ከመሳቢያው ከፈለች። «የመጓጓዣ ወጪ የሚል ሂሳብ ልክፈት?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ኮምቦልቻ ያለ ብርድ ልብስ ደሴ ላይ አይሸጥም፤ ዕቃውን ለሽያጭ ለማብቃት የወጣው ሁሉ የዕቃው ዋጋ አካል ነው።

ዴቢት፦ ዕቃ 2,000
ክሬዲት፦ ጥሬ ገንዘብ 2,000

አሁን 100 ብርድ ልብስ 122,000 ብር ፈጅቷል፤ አንዱ የወጣበት 1,220 ብር ነው። ይህ ቁጥር ኋላ ስለሚያስፈልገን ያዙት። (ሱቁን ከከፈቱ በኋላ ለደንበኛ ቤት ድረስ ለማድረስ የሚወጣው የመኪና ክፍያ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የመሸጫ ወጪ ነው እንጂ ወደ ዕቃው ዋጋ አይገባም።)

ደረጃ 4፦ ሽያጭ ሁለት ጥንድ እንዳለው አትርሱ

ጀማሪዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነውና ቀስ ብለን እንሂድ። ጥቅምት 10 ቀን 30 ብርድ ልብስ በ1,600 ብር በጥሬ ገንዘብ ሸጠች። 48,000 ብር መሳቢያ ገባ፤ ምንጩ ሽያጭ ነው።

ዴቢት፦ ጥሬ ገንዘብ 48,000
ክሬዲት፦ ሽያጭ 48,000

ነገሩ ግን አላለቀም። ገንዘብ ገባ፤ ከመደርደሪያው ደግሞ 30 ብርድ ልብስ ወጣ። በዚያች ቅጽበት ሁለተኛ ግብይት ተፈጽሟል፤ ማንም ደረሰኝ ስለማይቆርጥለት ነው የሚረሳው። ዕቃው ከሀብትነት ወደ ወጪነት ተዛወረ። 30 በ1,220 ሲባዛ 36,600 ብር ነው።

ዴቢት፦ የተሸጠ ዕቃ ወጪ 36,600
ክሬዲት፦ ዕቃ 36,600

ጥቅምት 15 ቀን አንድ የእንግዳ ማረፊያ 20 ብርድ ልብስ በ1,550 ብር በዱቤ ወሰደ። ገንዘብ አልገባም፤ ግን ሽያጩ ተፈጽሟል። ወዴት ሄደ ለሚለው መልሱ «ወደ ደንበኛው ዕዳ» ነው፤ ይህ በሱቁ ደብተር ተሰብሳቢ ሂሳብ ይባላል።

ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 31,000
ክሬዲት፦ ሽያጭ 31,000

ዴቢት፦ የተሸጠ ዕቃ ወጪ 24,400
ክሬዲት፦ ዕቃ 24,400

ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሱቅ ከሆነ እዚህ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። የ1,600 ብር ብርድ ልብስ ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 240 ብር ታክስ ቢጨመር ደንበኛው 1,840 ብር ይከፍላል። ጥሬ ገንዘብ 1,840 ዴቢት፣ ሽያጭ 1,600 ክሬዲት፣ የሚከፈል ታክስ 240 ክሬዲት ይሆናል። 240 ብሩ በመሳቢያው ውስጥ ያለ የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ገቢ አይደለም። በእህቴ ልጅ ምሳሌ ውስጥ ነገሩ እንዳይወሳሰብ ትቼዋለሁ።

የቀሩት የወሩ ግብይቶች ቀላል ናቸውና ቶሎ እንለፋቸው። ጥቅምት 20 ቀን ከመሳቢያው 40,000 ብር ባንክ አስገባች፦ ባንክ ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት። ጥቅምት 22 ቀን ለኮምቦልቻው ነጋዴ 30,000 ብር በባንክ ከፈለች፦ ተከፋይ ሂሳብ ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት። ይህ ክፍያ ወጪ አይደለም፤ ዕዳ ቀነሰ እንጂ ሱቁ አልደኸየም። ጥቅምት 25 ቀን የእንግዳ ማረፊያው 15,000 ብር በባንክ ላከ፦ ባንክ ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ክሬዲት። ይህም ገቢ አይደለም፤ ገቢው ጥቅምት 15 ተመዝግቧል። ገንዘቡ በመጣ ቀን እንደገና «ሽያጭ» ብሎ መጻፍ አንዱን ብርድ ልብስ ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው።

ጥቅምት 28 ቀን ለቤቷ አስቤዛ 3,000 ብር ከመሳቢያው ወሰደች። መጀመሪያ «የሱቅ ወጪ» ብላ ጽፋው ነበር። በብዕር የተጻፈን ግን አይፍቁም፣ ገጹንም አይቀድዱም፤ ስሕተትን በሌላ ምዝገባ ያርሙታል። ባለቤት የወሰደችው 3,000 ዴቢት፣ የሱቅ ወጪ 3,000 ክሬዲት። የተሳሳተው ሂሳብ ወደ ዜሮ ተመለሰ፤ ትክክለኛው ቦታውን ያዘ፤ ሁለቱም ድርጊት በቀኑ ተጽፎ ይታያል። የተፋቀ ደብተር ያየ ኦዲተር ከዚያ በኋላ የምትነግሩትን ሁሉ ይጠራጠራል፤ እኔም እጠራጠራለሁ።

በመጨረሻም ጥቅምት 30 ቀን፣ የወሩ ኪራይ ስለተበላ፣ የኪራይ ወጪ 8,000 ዴቢት፣ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 8,000 ክሬዲት ተደረገ። በዚህ ምዝገባ ገንዘብ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ያለፈው ጊዜ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ወደ ሌጀር አዛውሩ

ጆርናሉ «መቼ ምን ሆነ?» ለሚለው ይመልሳል። «ባንክ ውስጥ ስንት አለ?» ለሚለው ግን ሙሉውን ወር ማገላበጥ ይጠይቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሂሳብ አንድ አንድ ገጽ ትከፍታላችሁ፤ በመካከሉ መስመር ታሰምራላችሁ፤ ግራው ዴቢት፣ ቀኙ ክሬዲት ይሆናል። ሌጀር ይባላል። ጆርናሉ ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር ወደየገጹ ይገለበጣል።

የሚያሰለች ሥራ ነው፤ ስሕተትም የሚፈለፈለው እዚህ ነው። ይህን የአመዘጋገብ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ በታተመ መጽሐፉ ውስጥ የገለጸው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እንኳን የጆርናሉ ዴቢት ሲዛወር አንድ መስመር፣ ክሬዲቱ ሲዛወር ሌላ መስመር እንዲሰመርበት ይመክራል። እኔ ከመስመር ይልቅ ከጎኑ ትንሽ የራይት ምልክት አደርጋለሁ፤ ሐሳቡ ያው ነው። ስልክ ተደውሎ ሲያቋርጣችሁ የት እንደደረሳችሁ ታውቃላችሁ።

የባንኩ ገጽ በወሩ መጨረሻ እንዲህ ሆነ። በግራ 190,000፣ 40,000 እና 15,000፤ ድምሩ 245,000። በቀኝ 24,000፣ 70,000 እና 30,000፤ ድምሩ 124,000። ልዩነቱ 121,000 ብር በዴቢት ወገን ነው፤ የባንኩ ቀሪ ሂሳብ ይባላል። የቀሩትንም ገጾች እንዲሁ ትዘጋላችሁ።

በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ሌጀሩን ማስላት ለኤክሴል መተው ይቻላል። የሂሳቡ ስም በ C፣ ዴቢቱ በ D፣ ክሬዲቱ በ E ዓምድ ካለ የዕቃ ቀሪ ሂሳብ በዚህ ቀመር ይወጣል፦

```
=SUMIF(C:C,"ዕቃ",D:D)-SUMIF(C:C,"ዕቃ",E:E)
```

ቀመሩን የሙከራ ሚዛኑን በምትሠሩበት በሌላ ገጽ ላይ ካደረጋችሁት ከዓምዶቹ በፊት የጆርናሉን ገጽ ስም መጨመር ያስፈልጋል። ነገር ግን የአማርኛ ፊደላችን እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። የእህቴ ልጅ የጥቅምትን ደብተር ከዘጋች በኋላ ወደ ኤክሴል ስትገለብጠው አንዴ «ዕቃ»፣ ሌላ ጊዜ «እቃ» ብላ ጻፈች። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሂሳቦች ናቸው። የጥቅምት 10ን ክሬዲት «እቃ» ብላ በመጻፏ ቀመሩ ያን 36,600 ብር ዘለለው፤ ዕቃው 61,000 መሆን ሲገባው 97,600 ብር ሆኖ ታየ። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሂሳብ ቁጥር መስጠት ነው፤ ባንክ 101፣ ጥሬ ገንዘብ 102፣ ዕቃ 103 እያላችሁ በ C ዓምድ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ፤ በቀመሩም ውስጥ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን አስገቡ። ቁጥር ዐይኑ «ዐ»፣ ፀሐዩ «ፀ» አይልም።

ደረጃ 6፦ የሙከራ ሚዛን ሥሩ

አሁን የሁሉንም ሂሳቦች ቀሪ በሁለት ዓምድ አስቀምጡ። ቢሮ ውስጥ ትራያል ባላንስ ይሉታል።

በዴቢት፦ ባንክ 121,000፤ ጥሬ ገንዘብ 13,000፤ ዕቃ 61,000፤ ተሰብሳቢ ሂሳብ 16,000፤ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 16,000፤ ባለቤት የወሰደችው 3,000፤ የተሸጠ ዕቃ ወጪ 61,000፤ የኪራይ ወጪ 8,000። ድምር 299,000።

በክሬዲት፦ ካፒታል 200,000፤ ተከፋይ ሂሳብ 20,000፤ ሽያጭ 79,000። ድምር 299,000።

(ዕቃውና የተሸጠ ዕቃ ወጪው እኩል 61,000 መሆናቸው ከመቶው ብርድ ልብስ ልክ ግማሹ ስለተሸጠ የመጣ አጋጣሚ ነው።)

ሲገጥም ደስ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በመጀመሪያው አይገጥምም። ያኔ ደብተሩን ከመጀመሪያ ገጽ መፈተሽ አትጀምሩ። መጀመሪያ ልዩነቱን ቁጥር ራሱን ተመልከቱት፤ ብዙ ይናገራል።

ልዩነቱ ጆርናሉ ላይ ካለ ከአንድ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ፣ አንዱ ወገን ሳይዛወር ቀርቷል። የ«እቃ» ስሕተት የተያዘው በዚህ ነበር፤ ልዩነቱ ልክ 36,600 ነበር።

ልዩነቱን ለሁለት ስታካፍሉት ጆርናሉ ላይ ያለ ቁጥር ከወጣ፣ አንዱ መስመር በተሳሳተ ወገን ተጽፏል። ለነጋዴው የተከፈለው 30,000 ብር በተከፋይ ሂሳብ ገጽ ላይ በግራ መጻፍ ሲገባው በቀኝ ቢጻፍ፣ ዕዳው 20,000 መሆኑ ቀርቶ 80,000 ይሆናል፤ ልዩነቱም 60,000 ነው። ግማሹ 30,000 ወደ በደሉ ቦታ ይመራችኋል።

ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። 31,000 ሲዛወር 13,000 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ 18,000 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 2,000። የሁለት አጎራባች አኃዞች መቀያየር ሁልጊዜ የ9 ብዜት የሆነ ልዩነት ስለሚፈጥር ነው። ዜሮ መጨመርም መጉደልም እንዲሁ ያደርጋል፤ 3,000 የነበረው 30,000 ሲሆን ልዩነቱ 27,000 ነው። በተቃራኒው፣ ለ9 የሚካፈል ልዩነት ሁሉ የአኃዝ መቀያየር ነው ማለት አይደለም፤ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሚዛኑ የማያያቸውን ስሕተቶች በሌላ መንገድ ፈልጉ

የመጀመሪያውን የወር መዝጊያ ምሽት አልረሳውም። ሚዛኑ በአንድ ጊዜ ገጠመ፤ ድምሩም በሁለቱም ወገን 299,000። የእህቴ ልጅ ትርፏን አሰላች፤ 34,400 ብር። በሰላሳ ቀን! ፊቷ በራ፤ ሻይ አዘዘችልኝ።

ትርፉ አላማረኝም። ከአንድ ብርድ ልብስ የምታገኘው 380 ብር፣ ለማረፊያው በሸጠችው ደግሞ 330 ብር ነው። 30ን በ380፣ 20ን በ330 ብታባዙና ብትደምሩ 18,000 ብር ነው፤ ኪራዩ ገና ሳይነሳለት። 34,400 ከየት ይመጣል?

«መደርደሪያው ላይ ያሉትን ቁጠሪ» አልኳት።

ቆጠረች፤ 50። «ደብተሩስ ስንት ይላል?» ዕቃ የሚለው ገጽ 85,400 ብር ይላል፤ ለ1,220 ሲካፈል 70 ብርድ ልብስ። ሃያው የት ገባ? ሌባ አልገባም። የጥቅምት 15ን ሽያጭ ስትመዘግብ ሁለተኛውን ጥንድ ረስታዋለች፤ ዴቢቱንም ክሬዲቱንም። ሁለቱም ወገን በእኩል ስለጎደሉ ሚዛኑ ምንም አላየም። 24,400 ብሩን ስታስገባ ዕቃው 61,000፣ የተሸጠ ዕቃ ወጪው 61,000፣ ትርፉ 10,000 ብር ሆነ። ሻዩ ግን መጥቶ ነበር፤ ጠጣን።

ጥንዱ ሙሉ በሙሉ ከተረሳ ወይም በሁለቱም ወገን የተሳሳተ ቁጥር እኩል ከተጻፈ ሚዛኑ ይገጥማል። ወደተሳሳተ ሂሳብ ከሄደም ይገጥማል፤ የአስቤዛው 3,000 ብር «የሱቅ ወጪ» ተብሎ ቢቀር ኖሮ ያለአንዳች ቅሬታ ትርፉን ያሳንስ ነበር። እነዚህን የሚይዘው ደብተሩን ከደብተር ውጭ ካለ ነገር ጋር ማስተያየት ብቻ ነው። ዕቃውን በእጅ ቁጠሩ። መሳቢያው ውስጥ ያለውን ብር ቁጠሩ፤ 13,000 መሆን አለበት። ከባንክ የወሩን መግለጫ አውጡና መስመር በመስመር ከባንኩ ገጽ ጋር አመሳክሩ፤ በእናንተ ግራ ያለው በእነሱ ክሬዲት ሆኖ እንደሚታይ አሁን ታውቃላችሁ። የአገልግሎት ክፍያ ቆርጠው ከሆነ ደብተራችሁ አያውቀውም፤ የባንክ አገልግሎት ወጪ ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት ብላችሁ አስገቡት። የሚሰበሰበውን 16,000 ብር ከእንግዳ ማረፊያው፣ የሚከፈለውን 20,000 ብር ከኮምቦልቻው ነጋዴ ደብተር ጋር በስልክም ቢሆን አስተያዩ።

ደረጃ 8፦ ዓመቱን ዝጉ

ሀብትና ዕዳ ከወር ወደ ወር፣ ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራሉ። ገቢና ወጪ ግን የዓመቱ ብቻ ናቸው፤ ሰኔ 30 ቀን ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፤ ሐምሌ 1 ቀን ባዶ ገጽ ይጀምራሉ። አዘጋጉን በጥቅምት ቁጥሮች እናሳየው፤ ዓመቱ በዚያ ወር እንዳለቀ ቁጠሩት።

ዴቢት፦ ሽያጭ 79,000
ክሬዲት፦ የተሸጠ ዕቃ ወጪ 61,000
ክሬዲት፦ የኪራይ ወጪ 8,000
ክሬዲት፦ ካፒታል 10,000

ዴቢት፦ ካፒታል 3,000
ክሬዲት፦ ባለቤት የወሰደችው 3,000

ከዚህ በኋላ ካፒታሉ 207,000 ብር ነው። ባንኩን፣ መሳቢያውን፣ ብርድ ልብሶቹን፣ የእንግዳ ማረፊያውን ዕዳና የቀረውን የሁለት ወር ኪራይ ስትደምሩ 227,000 ብር ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ለኮምቦልቻው ነጋዴ ያለባትን 20,000 ብር ስትቀንሱ 207,000 ይቀራል። የእህቴ ልጅ ይህን ሁለት ጊዜ በካልኩሌተር ሞከረችው። ኅዳር 1 ቀን ጠዋት የመጀመሪያውን መስመር ራሷ ጻፈች፤ ደውላም አልጠየቀችኝም።